89 ሰማንያ ዘጠኝ አይደለም

ቆይ፣ ቆይ የኔ ቆንጆ፣ እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺ። ከኋላሽ ቆሜ እያየሁሽ ነው፤ ያንን የቀለም ኮድ ቀድተሽ መቀየሪያው ላይ ስትለጥፊ፣ የወጣውን ቁጥር ሳታነቢው ወደ ሥራሽ ስትመልሺ ይኼ ሦስተኛሽ ነው። መቀየሪያው መጥፎ ነው አልወጣኝም፤ እኔም ስቸኩል እጠቀምበታለሁ። ግን ስትቀጂ አንድ አሃዝ ብትገድፊ፣ ወይም ፕሮግራሙ ካሰብሽው ሌላ ዓይነት ቁጥር ቢሰጥሽ በምን ታውቂያለሽ? ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። ቡናው ሳይፈላ እንጨርሳለን።

የያዝሽው የሰንደቅ ዓላማ ቀን ማስታወቂያ ስለሆነ ከዚያው እንነሣ። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት የባንዲራችን ዲጂታል ሥዕል ላይ አረንጓዴው `#078930`፣ ቢጫው `#FCDD09`፣ ቀዩ `#DA121A` ነው። ሌላ ፋይል ላይ ትንሽ ለየት ብሎ ብታገኚው አትደንግጪ፤ ስሌቱ ያው ነው። እኔ እነዚህን የወደድኳቸው ግን ለሌላ ምክንያት ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው፤ ሦስቱን ያለፈ ሰው ሌላው አይከብደውም።

በአረንጓዴው እንጀምር። መሰላሉን ምልክት እርሺውና ስድስቱን አሃዝ ሁለት ሁለት አድርገሽ ቁረጪው፦ 07፣ 89፣ 30። የመጀመሪያው ጥንድ የቀይ፣ ሁለተኛው የአረንጓዴ፣ ሦስተኛው የሰማያዊ ብርሃን መጠን ነው። እዚህ ጋ ቀስ በዪ፣ እኔ የወደቅኩት እዚሁ ነውና። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህንኑ ኮድ አየሁ፤ ፊደል የሚባል የለበትም፣ ሁሉም ቁጥር ነው። እኔም ምን ቸገረኝ ብዬ 7፣ 89፣ 30 ብዬ አስገባሁት። የወጣው አረንጓዴ የወታደር ድንኳን ይመስል ነበር። ስክሪኑ ነው የደበዘዘው ብዬ ብርሃኑን ስጨምር፣ ስቀንስ ግማሽ ቀን አለፈ። `DA` ወይም `FC` ቢሆን ኖሮ ፊደሉን አይቼ እጠነቀቅ ነበር፤ ሰውን የሚያታልለው ፊደል የሌለበት ኮድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው እናቴ። በሄክስ አቆጣጠር የግራው አሃዝ ባለ 16 ብር ኖት ነው፤ የቀኙ ዝርዝር ብር ነው። ስለዚህ 89 ማለት ስምንት ኖትና ዘጠኝ ዝርዝር ነው፦ 8 ጊዜ 16፣ 128፣ ዘጠኝ ሲጨመር 137። 30 ሦስት ኖት ብቻ ነው፣ 48። 07 ኖት የለውም፣ ሰባት ዝርዝር ብቻ ነው፣ 7። ዝርዝሩ 16 ሲሞላ ወደ ኖት ስለሚመነዘር ከ15 አይበልጥም፤ ከ10 እስከ 15 ያለውን በአንድ አሃዝ ለመጻፍ ደግሞ ቁጥር ስለሚያልቅብን A 10፣ B 11፣ C 12፣ D 13፣ E 14፣ F 15 ሆነው ያገለግላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንድ FF ነው፦ 15 ኖትና 15 ዝርዝር፣ 255። ከዚያ በላይ ካገኘሽ የሆነ ቦታ ስተሻል።

የ16ን ማባዣ ሙሉውን ካልሸመደድሽ አልልሽም። ስድስቷን ብቻ ያዢልኝ፦ A በኖት ቦታ ሲቀመጥ 160፣ B 176፣ C 192፣ D 208፣ E 224፣ F 240። እነሱን ካወቅሽ ቀዩን በቃልሽ ታነቢዋለሽ። DA 208 እና 10፣ 218። 12 አንድ ኖትና ሁለት ዝርዝር፣ 18። 1A 16 እና 10፣ 26። ቢጫውስ? FC 240 እና 12፣ 252። DD 208 እና 13፣ 221። 09 ያው 9። እንዲህ ሆኑልሽ፦

```
#078930  rgb(7, 137, 48)
#FCDD09  rgb(252, 221, 9)
#DA121A  rgb(218, 18, 26)
```

አንድ ነገር ጣል ላድርግና እንለፍ። ባለ ሦስት አሃዝ ኮድ፣ ለምሳሌ `#0A5` ስታገኚ፣ ዜሮ ጨምረሽ እንዳትሞዪው። እያንዳንዱ አሃዝ ራሱን ይደግማል፤ `#00AA55` ነው የሚሆነው። ስምንት አሃዝ ካገኘሽ ደግሞ የመጨረሻው ጥንድ ቀለም ሳይሆን ቀለሙ ከኋላው ያለውን ምን ያህል ግልጥ አድርጎ እንደሚያሳይ የሚናገር ነው፤ ለዚህ ስሌት ለብቻው አስቀምጪው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ጣፋጩ ክፍል። ሂዩ፣ ሳቹሬሽን፣ ላይትነስ የሚሉት ሦስቱ ሰዎችን የሚያስፈሩት በፈረንጅኛ ስማቸው ብቻ ነው። ሂዩ ቀለሙ የማን ዘር እንደሆነ ይነግርሻል፤ ቀይ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ወደ የትኛው ያደላል። ሳቹሬሽን ከግራጫ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ላይትነስ ከጥቁር እስከ ነጭ ባለው መሰላል ላይ የት እንደቆመ ነው። መጻሕፍቱ መጀመሪያ ሦስቱንም ቁጥር ለ255 አካፍዪ ይሉሻል። እኔን ከሰማሽኝ አታካፍዪ። 0.0275 እና 0.5373 ይዘሽ በእጅ መቀነስ ማለት ስህተትን ቁርስ ግቢ ብሎ መጥራት ነው። ሙሉ ቁጥሮቹን ይዘሽ ሄደሽ ማካፈሉን መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ታደርጊዋለሽ።

ከሦስቱ ትልቁንና ትንሹን ፈልጊ። የአረንጓዴያችን ትልቁ 137፣ ትንሹ 7፣ መሃለኛው 48 ነው። ትልቁንና ትንሹን ደምሪ፦ 144። ትንሹን ከትልቁ ቀንሺ፦ 130። እነዚህን ሁለቱን በጉልህ ጻፊያቸው፣ ድምርና ልዩነት ብለሽ። የቀረው ሥራ ሁሉ ከእነሱ ነው የሚወጣው።

ላይትነስ ድምሩ ለ510 ሲካፈል ነው። 510 ከየት መጣ አትበዪኝ፣ የ255 እጥፍ ነው፤ ሁለት ቁጥር ስለደመርን። 144 ለ510 ሲካፈል 0.282፣ ማለትም 28 በመቶ። መሃለኛው 48 እዚህ ውስጥ ጭራሽ እንዳልገባ ልብ በዪ። የሦስቱ አማካይ መስሎሽ ሦስቱን ደምረሽ ለሦስት እንዳታካፍዪ፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚስተው እዚያ ነው።

ሳቹሬሽን ላይ ትንሽ እንቆያለን፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ቀመሩን ይሸመድድና ለምን ሁለት መልክ እንዳለው አይጠይቅም። እስኪ አስቢው፤ ድምራችን 144 ነው። ድምሩን 144 ላይ አስረን ልዩነቱን የቻልነውን ያህል ብንለጥጠው የት ይደርሳል? ትንሹ ዜሮ ይገባል፣ ትልቁ 144 ይሆናል፣ ልዩነቱም 144። ከዚያ አያልፍም። ሳቹሬሽን ማለት እንግዲህ ከሚቻለው ልዩነት ውስጥ ስንቱ በእጅሽ አለ ማለት ነው፦ 130 ለ144። 144 ዘጠኝ ጊዜ 1296 ነው፣ እኛ 1300 አለን፤ ስለዚህ 0.9 እና ቁራሽ። 90 በመቶ።

ሂዩ ቀረን። ቀለሞቹን ቀለበት መንገድ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቶች አድርገሽ አስቢያቸው። ዙሪያው 360 ዲግሪ ነው። የቀይ ቤት 0 ላይ፣ የአረንጓዴ 120 ላይ፣ የሰማያዊ 240 ላይ ነው። ከዚያ ተዙሮ ተመልሶ ቀይ ቤት ይደረሳል። በየመሃሉ ፌርማታ አለ፤ ቀይና አረንጓዴ እኩል ሲዋጡ 60 ላይ ቢጫ ይወጣል። አዎ፣ ቢጫ። ይኼ ብርሃን ነው እንጂ የውሃ ቀለም አይደለም፤ ትምህርት ቤት ቀይና አረንጓዴ ደባልቀሽ የወጣውን ጭቃ እርሺው።

ደንቡ አጭር ነው። ከሦስቱ ትልቁ ቁጥር የማን ነው? ከእሱ ቤት ተነሺ። ከዚያ በዙሩ ቅደም ተከተል፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ እያልሽ፣ ከቤቱ ባለቤት ቀጥሎ ያለው ተከታይ፣ ከእሱ በፊት ያለው ቀዳሚ ነው። ከተከታዩ ቁጥር ላይ የቀዳሚውን ቀንሺ፣ በ60 አባዢ፣ ለልዩነት አካፍዪ፣ ቤቱ ላይ ጨምሪ።

```
H = ቤት + 60 × (ተከታይ − ቀዳሚ) ÷ ልዩነት
```

በእኛው እንየው። ትልቁ አረንጓዴ ነው፣ ቤቱ 120። ተከታዩ ሰማያዊ 48፣ ቀዳሚው ቀይ 7። 48 ሲቀነስ 7፣ 41። ሁልጊዜ መጀመሪያ አባዢ፣ ከዚያ አካፍዪ፤ ክፍልፋዩ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስቸግርሽ። 41 በ60 2460፤ ለ130 ሲካፈል 18.9። 120 ላይ ሲጨመር 138.9፣ ጠቅልለን 139። ማጣራትም ቀላል ነው፤ መሃለኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ተመልከቺ። 48 የሰማያዊ ነው፣ ስለዚህ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ማድላት አለበት፣ ከ120 ማለፍ አለበት። አልፏል። ካላለፈ የሆነ ቦታ ቅደም ተከተሉን አገላብጠሻል።

```
hsl(139, 90%, 28%)
```

ቢጫው ላይ ደግሞ ሳቹሬሽን መልኩን ይቀይራል፣ ተጠንቀቂ። 252፣ 221፣ 9 ነው። ድምሩ 261፣ ልዩነቱ 243። ላይትነሱ 261 ለ510፣ 51 በመቶ። አሁን ያንኑ ጥያቄ ጠይቂ፤ ድምሩ 261 ሆኖ ልዩነቱ የት ድረስ ሊለጠጥ ይችላል? ትንሹን ዜሮ እንዳታስገቢው፣ ትልቁ 261 መሆን ሊኖርበት ነው፣ ከ255 በላይ ደግሞ የለም። ትልቁ 255 ላይ ሲቆም ትንሹ 6 ይሆናል፤ የሚቻለው ልዩነት 249 ነው። ይኼ ቁጥር ምን ጊዜም ከ510 ላይ ድምሩን ስትቀንሺ የሚመጣው ነው። እንግዲህ ድምሩ 255 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ልዩነቱን ለድምሩ፣ ከ255 ካለፈ ደግሞ ከ510 ላይ ድምሩን ቀንሰሽ ለቀረው ታካፍያለሽ። እዚህ 243 ለ249፣ 98 በመቶ።

ብትስቺው 243ን ለ261 አካፍለሽ 93 ታገኚ ነበር፤ ያን ያህል አያስደነግጥም፣ ማንም አያይብሽም። ፈዛዛ ቀለም ላይ ግን ጉድ ይፈላል። `#FFE5E5` የሚባለውን፣ ወተት ላይ አንድ ጠብታ ቀይ የወደቀበት የሚመስለውን ሮዝ ውሰጂ። 255፣ 229፣ 229። ድምሩ 484፣ ልዩነቱ 26። በተሳሳተው ስሌት 26 ለ484፣ 5 በመቶ። በትክክለኛው 510 ሲቀነስ 484፣ 26፤ 26 ለ26፣ 100 በመቶ! ዓይንሽ ይኼ ፈዛዛ እንዴት መቶ ይሆናል ብሎ ይከራከራል፣ እኔም ተከራክሬያለሁ። ግን ቁጥሩ የሚለው ድምቀቱን አይደለም፤ በዚያ ንጣት ላይ ሊኖረው ከሚችለው ቀይነት አንድም አልቀረበትም ነው የሚለው። የዚህ ሥርዓት ጠባዩ ነው፤ ልመጂው።

የቢጫውን ሂዩ ቶሎ ጨርሺልኝ። ትልቁ ቀይ ነው፣ ቤቱ 0። ስሙ ቢጫ ሆኖ ቤቱ ቀይ መሆኑ አያስገርምሽ። ተከታዩ አረንጓዴ 221፣ ቀዳሚው ሰማያዊ 9፣ ሲቀነስ 212። በ60 12720፣ ለ243 52.3። ቢጫ ፌርማታ 60 ላይ ነው፣ የእኛው 52፤ ትንሽ ወደ ቀይ የቀረበ፣ የእንቁላል አስኳል ዓይነት ቢጫ።

ቀዩ ላይ ስትደርሺ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይገባብሻል፣ እንዳትደናገጪ ሆዴ። 218፣ 18፣ 26። ድምር 236፣ ልዩነት 200። ላይትነስ 46፣ ሳቹሬሽን 200 ለ236፣ 85። ትልቁ ቀይ፣ ቤቱ 0፣ ተከታዩ አረንጓዴ 18፣ ቀዳሚው ሰማያዊ 26። 18 ሲቀነስ 26፣ ከዜሮ በታች 8። በ60 480፣ ለ200 2.4፣ ከዜሮ በታች። ቀለበት ላይ ከ0 ወደ ኋላ ስትሄጂ የምታገኚው 360ን ነው፤ ስለዚህ 360 ጨምሪበት፣ 357.6፣ ማለትም 358። ብዙ ሰው የቅነሳ ምልክቷን የማትረባ መስላው ይጥላትና 2 ብሎ ይጽፋል። እዚህ ቀይ ላይ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፣ ለዚህ ነው ሳይታወቅ የሚኖረው። ሌላ ቀለም ላይ ግን ታዋርድሻለች፤ እሱን መጨረሻ ላይ ራስሽ ታዪዋለሽ።

ግራጫ ቢገጥምሽስ? ሦስቱም ቁጥር እኩል ከሆኑ ልዩነቱ ዜሮ ነው፣ ለዜሮ ደግሞ አይካፈልም። ስሌቱን እዚያው አቁሚ፤ ሳቹሬሽን 0፣ ሂዩም 0 ብለሽ ጻፊ። ጥቁርና ነጭም እንደዚያው ናቸው። ያ 0 ቀይ ማለት አይደለም፣ ዘር የለውም ማለት ነው።

ይኼን ሁሉ ለምን አደከምኩሽ? ማስታወቂያሽ ላይ ያለው ቁልፍ ጣት ሲያርፍበት ጠቆር እንዲል ትፈልጊያለሽ አይደል? በሄክስ ኮዱ ላይ ያ ማለት ሦስት ቁጥር በግምት መነካካት ነው፣ አንዱን ስትነኪ ዘሩ ይለወጥብሻል። በዚህኛው ግን 139ን እና 90ን አትነኪም፣ 28ን ብቻ 20 ታደርጊዋለሽ። አለቀ።

መመለሱም በዚያው ሙሉ ቁጥር መንገድ ነው። 20 በመቶ ከ510፣ ድምሩ 102። ድምሩ ከ255 ስላላለፈ የዚያው 90 በመቶ፣ ልዩነቱ 91.8። ትልቁ የሁለቱ ድምር ግማሽ ነው፣ 96.9፤ ትንሹ ልዩነቱን ከድምሩ ቀንሰሽ ግማሹ፣ 5.1። መሃለኛው ከአረንጓዴ ቤት 19 ዲግሪ ተጉዟል፤ ከ60ው 19 እጁን የልዩነቱን ያህል ትንሹ ላይ ጨምሪ፦ 91.8 በ19 ለ60፣ 29.1፤ ሲደመር 34.2። እንግዲህ 5፣ 97፣ 34። ወደ ሄክስ ስትመልሺ ለ16 አካፍለሽ ድርሻውን በግራ፣ ቀሪውን በቀኝ፦ 97 ስድስት ኖትና አንድ ዝርዝር፣ 34 ሁለት ኖትና ሁለት ዝርዝር። `#056122`። ያው አረንጓዴ ነው፣ ጥላ ውስጥ ገብቶ።

ግን ስሚኝ፣ ዋናውን ኮድ እንዳትጥዪው። በዚሁ መንገድ 139፣ 90፣ 28ን መልሺና እዪው። ድምሩ 142.8፣ ልዩነቱ 128.5፣ ትልቁ 135.7 ይወጣል፤ ጠቅልለሽ 136። እኛ የጀመርነው ከ137 ነበር። ወደ ሄክስ ሲመለስ `#078830`፤ 89ኙ 88 ሆነ። የተሳሳትሽው የለም፣ ማጠጋጋቱ ነው የበላው። ሄክስ ኮድ 16,777,216 ቀለም ይለያል፤ በሙሉ ቁጥር የተጻፈ ሂዩ፣ ሳቹሬሽንና ላይትነስ ደግሞ 360 ጊዜ 101 ጊዜ 101፣ 3,672,360 ብቻ። ብዙዎቹ አንድ ወንበር ላይ ተደራርበው መቀመጣቸው የግድ ነው። ትክክለኛው ቀለም ተመልሶ እንዲመጣ ከፈለግሽ አንድ ሁለት አሃዝ ከነጥቡ በኋላ ያዢ፤ አለበለዚያ ሄክሱን እንደ እናት ሰነድ አስቀምጪውና ሌላውን ለመነካካት ብቻ ተጠቀሚበት።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር የስም መመሳሰል ነው። ፎቶሾፕ ላይ የቀለም መምረጫውን ስትከፍቺ H፣ S፣ B የሚል ታያለሽ። H አንድ ነው፣ 139 ያሳይሻል፣ አንቺም ደስ ይልሻል። S ግን ያኛው S አይደለም። እዚያ ልዩነቱ የሚካፈለው ለትልቁ ቁጥር ነው፦ 130 ለ137፣ 95። የመጨረሻውም ትልቁ ለ255 ነው፣ 54። 139፣ 95፣ 54ን ቀድተሽ `hsl` ውስጥ ብትለጥፊ የኒዮን መብራት የመሰለ ደማቅ አረንጓዴ ይወጣል፣ አንቺም እንደኔ ስክሪኑን ትወቅሻለሽ። ሂዩ ገጥሞ ሌሎቹ ሁለቱ ካልገጠሙ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይኼን ነው።

ላይትነስንም ከልክ በላይ አትመኚው። ቢጫችን 51፣ ቀያችን 46 ነው፤ በወረቀት ላይ ልዩነታቸው አምስት ነጥብ ብቻ ነው። በቀዩ ላይ በነጭ ጻፊ፣ ይነበባል። በቢጫው ላይ በነጭ ጻፊ፣ አያትሽ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ዓይን ለአረንጓዴ ብርሃን ከሁሉ ይበልጥ ንቁ ነው፣ ለሰማያዊ ከሁሉ ያነሰ፤ ይኼ ስሌት ግን ሦስቱን እኩል ነው የሚቆጥራቸው። ስለዚህ ጽሑፍ ይነበባል አይነበብም የሚለውን በዚህ ቁጥር አትወስኚ።

እሺ፣ ቡናው ደረሰ። ባንዲራው መሃል ያለችውን ሰማያዊ ክብ ለአንቺ ተውኳት፦ `#0F47AF`። 0F ሲያስቸግርሽ ኖቱ ዜሮ መሆኑን አስታውሺ። 15፣ 71፣ 175 ከመጣልሽ መንገድ ላይ ነሽ። ላይትነሷ 37፣ ሳቹሬሽኗ 84 ነው፣ እሱን ልንገርሽ። ሂዩዋን አልነግርሽም፤ ግን መሃለኛው አረንጓዴ ስለሆነ ሰማያዊው ከ240 ወደ ኋላ ማፈግፈግ እንዳለበት እዪ። 219 ካገኘሽ ነይና ስኒሽን አንሺ። 261 አግኝተሽ ክቧ ወይን ጠጅ ከሆነችብሽ ያቺን የቅነሳ ምልክት ጥለሻታል፤ ሂጂና ፈልጊያት።